40 ቀን ነው ወይስ 81?

ይቺ ጽሑፍ ትንሽ ትረዝማለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቧት። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ ካልኩሌተር ይዛችሁ ብታነቡ ደስ ይለኛል።

በየሱቁ ግድግዳ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። ከወረቀቱ ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ ግን የዱቤ ደብተሩ አለ። ዱቤ የማይሰጥ ነጋዴ አላውቅም። «ገንዘብህ ስንት ቀን ቆይቶ ይመጣል?» ስትሉት በቁጥር የሚመልስላችሁ ነጋዴም አላውቅም። «ይከፍላሉ እንኳ፣ ትንሽ ይዘገያሉ» ነው መልሱ። ይቺ «ትንሽ» ስንት ቀን ናት? በብርስ ስንት ታወጣለች? ዛሬ በአንድ ደብተር ላሳያችሁ።

ደብተሩ የእናቴ ወንድም ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ናቸው። ባናና የሱፍ ምንጣፍ አሠርተው ይሸጣሉ። ስማቸውንም የደንበኞቻቸውንም ስም አልጠራም፤ የብሩን መጠን ደግሞ በፈቃዳቸው አጠጋግቼዋለሁ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ።

የእሳቸው ሥራ አንድ ጠባይ አለው። የበግ ጠጉሩን በገበያ ቀን ከገበሬው ሲገዙ እጅ በእጅ ነው። ለሚፈትሉት ሴቶች የሚከፍሉት እጅ በእጅ ነው፣ ለሸማኔውም እንደዚያው። ምንጣፉ ሲያልቅ ግን ወደ ሞላሌ፣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አዲስ አበባ በዱቤ ይሄዳል። ማለትም ወጪው ሁሉ ጥሬ ገንዘብ ነው፣ ገቢው ሁሉ ወረቀት። እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ እያተረፉ ገንዘብ ማጣት ይመጣል። ጋሼም የነገሩኝ ይህንኑ ነው፦ «መምህር፣ ደብተሩ አተረፍክ ይለኛል፤ ለፋሲካ ጠጉር የምገዛበት ግን ብድር ለመንኩ። የቱ ነው የሚዋሸው?»

ሁለቱም አይዋሹም። መሀላቸው ያለው ቀን ነው ያልተቆጠረው።

ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 30 ያለውን ስድስት ወር ወሰድን። በዚህ ጊዜ በዱቤ የወጡ ስድስት ደረሰኞች ነበሩ። አምስቱ ተከፍለዋል፣ አንዱ ገና ነው። የተከፈሉት እነዚህ ናቸው፦

የሞላሌ ሱቅ፣ 10,000 ብር፣ በ8 ቀን።
የደብረ ብርሃን ነጋዴ፣ 20,000 ብር፣ በ15 ቀን።
ያው ነጋዴ ሌላ ጊዜ፣ 20,000 ብር፣ በ20 ቀን።
የአዲስ አበባ የምንጣፍ ሱቅ፣ 50,000 ብር፣ በ35 ቀን።
አንድ መሥሪያ ቤት ለአዳራሹ የገዛው ምንጣፍ፣ ከነቫቱ 138,000 ብር፣ በ122 ቀን።

ከሁሉም ጋር የተነጋገሩት በ30 ቀን እንዲከፈል ነው።

ስሌቱ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ በጣት ይቆጠራል። ከጥቅምት 18 እስከ የካቲት 20 አራት ወር ከሁለት ቀን ነው፣ 122 ቀን። አለቀ። ችግር የሚመጣው የእኛን ቀን ኤክሴል ላይ እንደ ቀን ስንጽፈው ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን 30/02/2017 ብላችሁ ብትጽፉለት፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፤ ስትቀንሱት #VALUE! ይላችኋል። ይህኛውስ ስህተት ነኝ ብሎ ይጮሃል። የሚያስፈራው ሌላው ነው፤ የእኛን ወር በፈረንጅ ወር ቆጥሮ አንድም ሁለትም ቀን አዛብቶ ዝም የሚለው። ስለዚህ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ለየብቻ ዓምድ ላይ ጻፉ። A፣ B፣ C ዕቃው የወጣበት ቀን፣ ወርና ዓመት ይሁኑ፤ D፣ E፣ F የተከፈለበት፦

```
=(F2-C2)*365+(E2-B2)*30+(D2-A2)
```

ጳጉሜን በ365ቱ ውስጥ ገብታለች። እንደ 2015 ጳጉሜ 6 ቀን የሆነችበትን ዓመት መጨረሻ ካለፋችሁ ብቻ አንድ ቀን ጨምሩ።

ወደ ጋሼ ደብተር እንመለስ። የአምስቱን ደረሰኞች ቀን ደምረን ለአምስት ብናካፍል 200 ለ5፣ 40 ቀን ይመጣል። ጋሼም በግምት ይሉ የነበረው ይህንኑ ነበር፦ «አርባ ቀን ገደማ።» በ30 ቀን ለተስማማ ሰው 40 ቀን አያስለቅስም።

ግን ይህ ስሌት የሞላሌውን 10,000 ብርና የመሥሪያ ቤቱን 138,000 ብር እኩል ድምፅ ሰጥቷቸዋል። እኛ ደግሞ ማወቅ የምንፈልገው ደረሰኙ ስንት ቀን እንደቆየ ሳይሆን ብሩ ስንት ቀን እንደቆየ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መጠን በቆየበት ቀን አባዙት፣ ደምሩት፣ ከዚያ ለጠቅላላው ብር አካፍሉት። ቀኑ G ላይ፣ ብሩ H ላይ ካለ፦

```
=SUMPRODUCT(G2:G6,H2:H6)/SUM(H2:H6)
```

በጋሼ ደብተር ድምሩ 19,366,000 ይሆናል። ለ238,000 ብር ሲካፈል 81 ቀን። ደብተሩ ያው ነው፣ ደረሰኞቹም ያው ናቸው፤ 40 የነበረው 81 ሆነ። ለፋሲካ ጠጉር መግዣ የጠፋው ገንዘብ የነበረው በነዚህ 41 ቀናት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆማል። ገና ነው፤ ያልተከፈለው ስድስተኛ ደረሰኝ አለ። አንድ ሆቴል መስከረም 30 የ60,000 ብር ባናና ምንጣፍ ወስዶ እስከ የካቲት 30 አልከፈለም። ስላልተከፈለ «የወሰደው ቀን» የለውም ተብሎ ከስሌቱ ይወጣል። ተመልከቱ እንግዲህ፤ ከሁሉ የባሰው ደንበኛ በአማካዩ ውስጥ የለም! ጭራሽ ባለመክፈሉ አማካዩን አሳመረልን። ስለዚህ ያልተከፈለውን እስከ ዛሬ በቆየበት ዕድሜ አስገቡት፣ 150 ቀን። አማካዩ ወደ 95 ቀን ያድጋል። ይህ ቁጥር «ቢያንስ» የሚል ቃል ከፊቱ ይቀመጥለታል፣ ምክንያቱም ሆቴሉ ነገም ላይከፍል ይችላል።

የድሮ ተማሪዎቼ አሁን «መምህር፣ ክፍል ውስጥ ያስተማሩን ቀመር የት ሄደ?» ትሉኛላችሁ። በጊዜው መጨረሻ ያለውን ተሰብሳቢ በዱቤ ሽያጩ አካፍሎ በቀናቱ ማባዛት። እንሞክረው። የካቲት 30 ላይ ያልተሰበሰበው የሆቴሉ 60,000 ብቻ ነው። የስድስት ወሩ የዱቤ ሽያጭ 298,000 ነው። በ180 ቀን ስናባዛው 36 ቀን ይሰጠናል። ቆንጆ ይመስላል። መሥሪያ ቤቱ የከፈለው የካቲት 20 መሆኑን ግን አስታውሱ። አሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ መጋቢት 1 ከፍሎ ቢሆን ኖሮ፣ የካቲት 30 ላይ ተሰብሳቢው 198,000 ይሆን ነበር፣ ቀመሩም 120 ቀን ይል ነበር። በአንድ ቼክ ምክንያት ከ36 ወደ 120! ቀመሩ ሐሰት አይደለም። በየቀኑ ለሚሸጥና ለሚሰበስብ ትልቅ ድርጅት ይሠራል። ጥቂት ትላልቅ ደረሰኝ ለሚቆርጥ ሰው ግን የመጨረሻዋን ቀን ፎቶ ነው የሚያሳየው። እንደ ጋሼ ላለ ሰው ደረሰኝ በደረሰኝ መቁጠር ይሻላል፤ ስድስት መስመር ነው፣ አይከብድም።

አሁን ወደ ብሩ። መዘግየቱ ስንት አስወጣ?

መሥሪያ ቤቱን እንውሰድ። ከ122 ቀን 30ው ስምምነት ነው፤ የዚያን ዋጋ ጋሼ ሲሸጡ አስበውበታል። የዘገየው 92 ቀን ነው። ጋሼ ለጠጉር መግዣ የተበደሩት በዓመት 18 ከመቶ ወለድ ነው። ስለዚህ 138,000 ሲባዛ በ18 ከመቶ፣ ሲባዛ በ92፣ ሲካፈል ለ365፦ 6,261 ብር። በዚህ ላይ ክፍያውን ለመከታተል አራት ጊዜ ተመላልሰዋል። መጓጓዣው፣ ምሳው፣ ሥራ የፈቱበት ቀን ተደምሮ በጉዞ 700 ብር ብለን ያዝነው፤ 2,800 ብር። ድምር 9,061 ብር።

ከዚያ ሽያጭ ያሰቡት ትርፍ ስንት ነበር? ቫቱ ሲነሳ ሽያጩ 120,000 ነው፣ ትርፉ 12 ከመቶ፣ 14,400 ብር። መዘግየቱ ከእያንዳንዱ 100 ብር ትርፍ 63 ብሩን በላው። ዋጋ ሳይከራከር የገዛው ደንበኛ፣ ጋሼ «ትልቁ ደንበኛዬ» የሚሉት፣ ሲቆጠር በጣም ቀጭን ትርፍ የተገኘበት ሆነ። እያንዳንዷን ብር የሚከራከረው የሞላሌው ባለሱቅ ደግሞ በስምንተኛው ቀን ከፍሎ ያንኑ ገንዘብ ለሚቀጥለው ገበያ ቀን አድርሶላቸዋል።

«እኔ አልተበደርኩም፣ በራሴ ገንዘብ ነው የምሠራው» የሚል ሰው ይኖራል። ለእሱም ዜሮ አይደለም። ገንዘቡ ባንክ በ7 ከመቶ የቁጠባ ወለድ ተቀምጦ ነበር እንበል፤ በዚያ ብናሰላው 2,435 ብር ይመጣል። ይህ ከታች ያለው ወለል ነው። ከላይ ያለው ጣሪያ ደግሞ ገንዘቡ በእጁ ቢኖር ሊሠራበት ይችል የነበረው ሥራ ነው። ብድርም እንደልብ አይገኝም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች የዓመት ብድር ዕድገት ከ14 ከመቶ እንዳያልፍ ገድቦ ነበር፣ በኋላ ወደ 18 ከፍ አደረገው። ባንኩ «የለም» ሲል ወለዱ ስንት ነው ማለት ትርጉም የለውም፤ ያኔ የመዘግየት ዋጋ ያመለጣችሁ የገበያ ቀን ነው።

ቫቱንም አትርሱት። ጋሼ ለቫት የተመዘገቡት መሥሪያ ቤቶች የቫት ደረሰኝ ስለሚጠይቁ ነው። ቫት የሚታወጀው ደረሰኙ በተቆረጠበት ወር ተቆጥሮ እንጂ ገንዘቡ እስኪገባ ተጠብቆ አይደለም። ደረሰኙ የጥቅምት ነው፣ እንግዲህ በኅዳር 18,000 ብር ተከፈለ። ገንዘቡ ግን የገባው የካቲት 20 ነው። ፋብሪካ ቢሆን ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ቫት ይቀንስ ነበር። ጠጉር የሚሸጥ ገበሬ ግን የቫት ደረሰኝ የለውም፣ ስለዚህ የሚቀነስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጋሼ ያልተቀበሉትን 18,000 ብር ሙሉውን ከኪሳቸው አውጥተው ሦስት ወር ገደማ ጠበቁት። ወለዱን ለብቻው አልደመርኩትም፣ 138,000ው ውስጥ ስላለ ሁለቴ መቁጠር ይሆናል። ግን «ገንዘቤ የት ገባ?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ እሱ ነው።

አንድ ትንሽ ማሳሰቢያ፦ መሥሪያ ቤት ሲከፍል ዊዝሆልዲንግ፣ ማለት ቅድመ ግብር፣ ቀንሶ ነው። የቀነሰበትን ደረሰኝ ካልተቀበላችሁና ደብተሩ ላይ ካላወራረዳችሁት፣ ያቺ ጥቂት ብር «ያልተከፈለ» ሆና ዓመቱን ሙሉ ትቀመጣለች፣ ቀናችሁንም ታዛባለች።

አሁን ከሁሉ የሚጠቅመው ክፍል። 122 ቀን ብለን በአንድ ቃል መሥሪያ ቤቱን ከማማት በፊት ቀኑን ሰነጣጠቅነው። ምንጣፉ የደረሰው ጥቅምት 18 ነው። ሞዴል 19 የተቆረጠው ኅዳር 2፤ 14 ቀን፣ የንብረት ክፍሉ ባለሙያ ስላልነበረ። ደረሰኙ ከሞዴል 19 ጋር ተያይዞ ለፋይናንስ የገባው ኅዳር 20፤ 18 ቀን። የክፍያ ማዘዣው የተዘጋጀው ታኅሣሥ 25፤ 35 ቀን። ገንዘቡ የገባው የካቲት 20፤ 55 ቀን።

ጋሼን «እነዚህ 18 ቀናት ምንድን ናቸው?» አልኳቸው። ሳቅ አሉ። «ወረቀቱ እኮ ኮቴ ኪስ ነበር። ወደዚያ ስሄድ እሰጣለሁ ብዬ።»

«ፋይናንስ ዕዳ እንዳለበት ያወቀው እንግዲህ በ32ኛው ቀን ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የሚናደዱት።»

«እውነትህን ነው ልጄ። ያልሰማን ሰው ስረግም ከርሜያለሁ።»

የኮቱ ኪስ ዋጋ በ18 ከመቶ ሲሰላ 1,225 ብር ነው። ይህን ማንም ሳይለመን ነገ ማስቀረት ይቻላል። 14ቱን ቀን ደግሞ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ለንብረት ክፍሉ ስልክ ደውሎ ባለሙያው መኖሩን በማረጋገጥ ማሳጠር ይቻላል። 35ቱና 55ቱ በጋሼ እጅ አይደሉም፤ እነሱ ዋጋ ላይ የሚገቡ ናቸው።

ስለዚህ ጋሼ ሦስት ነገር ወሰኑ። ሞዴል 19 በተቆረጠበት ቀን ደረሰኙን አያይዘው ፋይናንስ አስገብተው፣ የተቀበለበትን ቀን ኮፒው ላይ አስፈርመው ይመለሳሉ። ለመሥሪያ ቤት ፕሮፎርማ ሲሞሉ ከ30 ቀን በላይ ለሚጠብቁት 90 ቀን 4 ከመቶ ተኩል ያህል ይጨምራሉ፤ 18 ከመቶ በ90 ቀን የሚሰጠው እሱን ነው። በዚያ ዋጋ ጨረታው ካመለጣቸው ያመለጣቸው ትርፉ ያለቀ ሽያጭ ነው። ሰኔ ውስጥ የሚመጣ ትዕዛዝ ላይ ደግሞ ክፍያው ከሰኔ 30 በፊት ያልቃል ወይ ብለው አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ ካለፈ የአዲሱን በጀት ዓመት ወረፋ ሊጠብቅ ይችላል። ሆቴሉስ? ያለፈውን እስኪከፍል አዲስ ዕቃ የለም፣ ከከፈለም በኋላ ግማሹ ቀብድ ነው።

የሞላሌው ባለሱቅ ግን ቅናሽ አገኘ። ምክንያቱን ሲሰማ አላመነም አሉ።

ይህ ስሌት የማይነግራችሁም ነገር አለ። ስድስት ደረሰኝ ጥቂት ነው፤ አንዱ ትልቅ ደረሰኝ ብቻውን አማካዩን ይጎትተዋል። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን የየደንበኛውን ቀን ለየብቻ ያዙ። የዘንድሮውን መንፈቅ ከአምናው ተመሳሳይ መንፈቅ ጋር እንጂ ከክረምቱ ጋር አታወዳድሩ። ደግሞ ቀኑ ምክንያቱን አይናገርም። መንገድ ተዘግቶ ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ የዘገየውንና እያለው ያልከፈለውን ቁጥሩ አንድ ያደርጋቸዋል። ያንን የምትለዩት እናንተ ናችሁ፤ ከቀኑ አጠገብ አንዲት የምክንያት ዓምድ ጨምሩ።

በእኛ አገር የሰጡትን መጠየቅ ነውር ይመስላል፣ በተለይ ሁሉ ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ። ጋሼ አሁን የሚጠይቁት በቁጣ አይደለም፤ ወረቀቷን አውጥተው «ኅዳር 20 ፈርመህ ተቀብለሃል፣ ዛሬ 31ኛ ቀኑ ነው» ነው የሚሉት። ቀን ያለው ጥያቄ ጠብ አያመጣም።

ሱቅ ያላችሁ፣ ዕቃ የምታቀርቡ፣ የምትሰፉ፣ የምታትሙ ሁሉ የስድስት ወር ደረሰኛችሁን አውጡና ሁለቱን አማካይ አስሉ፤ በደረሰኝ ቁጥርና በብር። መሀላቸው ያለውን ልዩነት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ የደንበኛ ስም ሳትጠሩ። ኤክሴሉ እምቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።